ዕድሜ ሲሰላ ጳጉሜን የት ትገባለች?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሥራዬ የሰዎችን መረጃ መመዝገብ ነው። በየቀኑ እጄ ላይ ከሚገቡት ቅጾች ብዙዎቹ «ዕድሜ፦ … ዓመት … ወር … ቀን» የሚል መስመር አላቸው። ይህን መስመር እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ይሞላዋል። ዓመቱ ላይ ያን ያህል ችግር የለም። ወሩና ቀኑ ላይ ግን ከአንድ የትውልድ ቀን አራት ዓይነት መልስ ሲወጣ አያለሁ። ምክንያቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ጳጉሜን።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ነሐሴ 20 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ዕድሜዋ ስንት ነው?

ቸኩሎ የሚሞላ ሰው 2018 ሲቀነስ 1999 ብሎ «19» ይጽፋል። አዲስ ዓመት ሲገባ ሁሉም ሰው አንድ ዓመት ይጨምራል የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። ልጅቷ 18 ዓመት የሞላት ገና ነሐሴ 20 ቀን 2017 ነው። 19 የሚሞላት በሚቀጥለው ነሐሴ 20 ነው። የዘንድሮው የልደት ቀን ካልደረሰ ከልዩነቱ አንድ መቀነስ ነው፣ በቃ። የቤተሰብ ሕጋችን ለጋብቻ 18 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል። ይህ ቅናሽ ከተረሳ፣ ነሐሴ ላይ የተወለደች የ17 ዓመት ልጅ መስከረም ላይ «18» ተብላ ትመዘገባለች።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ከ10 ላይ 20 አይቀነስም፣ ስለዚህ ከወር እንበደራለን። አንዱ ወር 30 ቀን ነው ብሎ 30 ይበደርና 20 ቀን ያገኛል። መልሱ 18 ዓመት ከ20 ቀን ይሆናል፤ የጳጉሜን አምስት ቀን ጠፋ። ሌላው «የእኛ ዓመት 13 ወር ነው» ይልና ከዓመቱ 12 ሳይሆን 13 ወር ይበደራል። የሱ መልስ 18 ዓመት ከ1 ወር ከ20 ቀን ነው። ይኼኛው አምስት ቀን የሆነችውን ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር ቆጥሯታል።

ሦስተኛው ኮምፒውተር ይከፍታል። 20/12/1999 እና 10/01/2018 ብሎ ኤክሴል ላይ ያስገባና ይህን ይጽፋል፦

```
=DATEDIF(A2,B2,"MD")
```

ኮምፒውተሩ ቀን/ወር/ዓመት ብሎ የሚያነብ ከሆነ ኤክሴል 21 ቀን ይላል። ኤክሴል የእኛን ነሐሴ አያውቅም። 12ኛውን ወር ዲሴምበር፣ 1ኛውን ጃንዋሪ አድርጎ ነው ያነበበው፤ ዲሴምበር ደግሞ 31 ቀን አለው። እዚህ ላይ ቢያንስ ቁጥር ሰጠን። ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ብታስገቡ ግን በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል። ከዚያ ስሌቱ `#VALUE!` ይላል። 13ኛውን ወር ደግሞ ጭራሽ አይቀበልም። አምዱ ውስጥ ሌሎቹ ቀኖች ወደ ቀኝ ተሰልፈው አንዳንዶቹ ብቻ ወደ ግራ ከተጠጉ፣ የኢትዮጵያ ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን እየገባ ነው ማለት ነው።

ትክክለኛው መልስ 18 ዓመት ከ0 ወር ከ25 ቀን ነው። በጣት ቆጥሮ ማየት ይቻላል። ከነሐሴ 20 እስከ ነሐሴ 30 አሥር ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ መስከረም አሥር። በፈረንጆቹም ብናየው ኦገስት 26 ቀን 2007 ተወልዳ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2025 ላይ ስትደርስ ያው 18 ዓመት ከ25 ቀን ነው።

እኔ የምሠራበት መንገድ ይኼ ነው። ወር ሞላ የምለው የተወለደበት ቁጥር በሚቀጥለው ወር ሲመጣ ነው። ነሐሴ 20 የተወለደ መስከረም 20 ላይ አንድ ወር ይሞላዋል፤ ጳጉሜን በመሃል ትዋጣለች። ስለዚህ ቀን ስበደር ሁሌም 30 ነው፣ የምቆጥርበት ቀን መስከረም ውስጥ ከሆነ ግን 35 ነው። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ከነበረ ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች 36 እበደራለሁ፤ ለምሳሌ መስከረም 2016 ላይ። ከዓመት ስበደር ሁሌም 12 ወር ነው። የምቆጥርበት ቀን ራሱ ጳጉሜን ከሆነ ደግሞ የነሐሴ ቅጥያ አደርገዋለሁ። ጳጉሜን 3 ማለት ነሐሴ 33 ነው። ከነሐሴ 20 እስከዚያ 13 ቀን።

ይህ ለትልቅ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ለሕፃን ግን አይደለም። ሐምሌ 14 ቀን 2017 የተወለደ ልጅ መጋቢት 20 ቀን 2018 ላይ ስንት ወሩ ነው? በ13 ወር የሚበደር ሰው 9 ወር ከ6 ቀን ይላል። ትክክሉ 8 ወር ከ6 ቀን ነው። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው ልጁ 9 ወር ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱ በደንብ ላይሠራ ይችላል። ለዚህ ልጅ 9 ወር የሚሞላው ሚያዝያ 14 ነው። በካርዱ ላይ አንድ ወር በስህተት ተጨመረ ማለት፣ ክትባቱ ያለጊዜው ተሰጠ ማለት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። የወር አቆጣጠር የስምምነት ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ወር ማለት ድፍን 30 ቀን ነው ብሎ የጳጉሜንን ቀናት ለብቻ ይደምራል። በሱ አቆጣጠር ይኸው ልጅ 8 ወር ከ11 ቀን ነው። በፈረንጆቹ ወሮች ደግሞ 8 ወር ከ8 ቀን ይሆናል። ሦስቱም በራሳቸው መንገድ ስህተት አይደሉም። እኔ የመጀመሪያውን የምመርጠው 12 ወር ሲሞላ ልክ አንድ ዓመት ስለሚሆንና ማንም እናት ያለ ወረቀት ልትቆጥረው ስለምትችል ነው። አደጋው አንዱ ገጽ በአንዱ፣ ሌላው ገጽ በሌላው ሲሰላ ነው። ልዩነቱ እንዳለ የሚታወቀው ወደ ቀን ሲመለስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምሳሌያችን ልጅ መስከረም 10 ላይ በየትኛውም አቆጣጠር ከተወለደች 6,600 ቀኗ ነው፤ ቀን አይዋሽም።

ጳጉሜን ውስጥ የተወለዱት ብቻ ትንሽ ይከብዳሉ። ጳጉሜን 6 ቀን 2007 የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ በየአራት ዓመቱ ነው የሚመጣው። በመሃሉ ባሉት ዓመታት እኔ ዓመቱን የምሞላለት መስከረም 1 ነው። የተወለደበት ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ እነዚያ ዓመታት ላይም ሴፕቴምበር 11 መስከረም 1 ላይ ነው የሚውለው።

ውጭ አገር ላሉ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ የተወለደ ሰው በዓመቱ ላይ የሚጨምረው 7 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ወዲህ የተወለደ 8። ጥቅምት 1990 የተወለደ ሰው 8 ከጨመረ 1998 ይልና በሰነዱ ላይ ዕድሜው በአንድ ዓመት ያንሳል። ልኩ 1997 ነው። ይህ አንዴ ፓስፖርት ላይ ከገባ ማስተካከሉ ብዙ ያንገላታል።

ቅጽ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ከዕድሜው መስመር ጎን «እስከ … ቀን ድረስ» የሚል ቦታ ይኑር። የቀን አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ምልክት የሚደረግበት ሳጥንም ይታከል። የትውልድ ቀኑ ደግሞ ሁሌም ከዕድሜው ጋር ይጻፍ፤ ዕድሜው ቢሳሳት እንኳ የሚቀጥለው ሰው ከቀኑ ተነስቶ እንደገና ማስላት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ