ሴንሰሩን ፈትታችሁ ከመላካችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ሞቷል» ተብለው ከሚመለሱልን፣ ብረት ሲጠጋቸው ሲግናል ከሚሰጡ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮች ብዙዎቹ ጠረጴዛችን ላይ ስናገናኛቸው መብራታቸው ቦግ ይላል። ጉዳቱ ያለው መስመሩ ላይ ነው። አዲስ ሴንሰር ብንልክላችሁም እሱም እዚያው «ይሞታል»።

ባለፈው ጊዜ የገጠመንን እንንገራችሁ። ሴንሰሩ በ24 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ነው፤ ቡናማው ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩ ሲግናል። ደንበኛችን ሴንሰሩን ነቅለው በባዶው ማገናኛ ላይ ሲለኩ 24 ቮልት አገኙና «ኃይል አለ፤ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው» አሉ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መልቲሜትር ከመስመሩ የሚወስደው ጅረት ከቁጥር የማይገባ ስለሆነ፣ በአንዲት ክር የተንጠለጠለ ወይም የዛገ ሽቦም ቢሆን ሙሉውን ቮልት ያሳየዋል። ሽቦው የሚጋለጠው ሸክም ሲጫንበት ነው።

ስለዚህ ሴንሰሩ እንደተገናኘ፣ በአቅራቢያው ባለው የማገናኛ ሳጥን ውስጥ ለኩ። መራጩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ቀዩ የመለኪያ ሽቦ አምፔር ቀዳዳ ውስጥ አለመሰካቱንም አረጋግጡ፤ እዚያ ከሆነ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን በቀጥታ አገናኝታችሁ ፊውዝ ታቃጥላላችሁ። በቡናማውና በሰማያዊው መካከል ስንለካ 6 ቮልት ብቻ አገኘን። የቀረው 18 ቮልት የት ሄደ?

ይህን ለማወቅ ጥቁሩን የመለኪያ ሽቦ በረጅም ሽቦ አስረዝመን የኃይል ምንጩ ኔጋቲቭ ላይ አሰርነው። ቀዩን ቡናማው ላይ ስናደርግ 24 ቮልት አነበብን፤ ቡናማው ጤነኛ ነው። ሰማያዊው ላይ ስናደርግ ደግሞ 18 ቮልት። እዚያ መነበብ የነበረበት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ነው። ከዚያ ቀዩን በሰማያዊው መስመር ላይ ከአንዱ ማያያዣ ወደ ሌላው እያዛወርን ወደ ኃይል ምንጩ ተጠጋን። ከአንድ ብሎን ማዶ 18፣ ከብሎኑ ወዲህ ዜሮ። ብሎኑን ስንፈታ ሽቦው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ቆርጠን፣ ልጠን፣ አጠበቅነው፤ ሴንሰሩ በራ።

በኦም መለካት የምትመርጡ ካላችሁ በመጀመሪያ ኃይሉን አጥፉ፤ ኃይል ባለበት መስመር ላይ የሚነበበው የኦም ቁጥር ትርጉም የለውም።

ቮልቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልበራ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱን ሴንሰሩ ላይ ማላከክ ይቻላል። መብራቱ በርቶ ማሽኑ ካልሰማው ግን ጥቁሩን ከሰማያዊው አንጻር ለኩ። ዓይነቱ ፒኤንፒ ከሆነ ብረት ስታስጠጉ ወደ 24 ይወጣል፣ ስታርቁ ይወርዳል። ብረቱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አስጠጉ፤ ማሽኑ በፍጥነት እየዞረ ከለካችሁ መልቲሜትሩ አማካዩን ስለሚያሳይ 11 ወይም 13 ቮልት አይታችሁ ትደናገራላችሁ።

ሴንሰሩን መላክ ግድ ከሆነ እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩልን።

ከአክብሮት ጋር
የቴክኒክ ክፍል