ስለ አዲሱ ምድጃ የሚባለውን እንዴት እንመዝግብ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

የከሰል ምድጃችን ገበያ ከወጣ ወዲህ ምስጋናው ደርቷል። ደስ ይላል። ግን የሁለተኛውን ዙር ምርት በዚህ ብቻ እንዳንወስን እለምናችኋለሁ። እስካሁን የሚያወሩት በአብዛኛው ዘመድና ጎረቤት ናቸው። ያልገዛውም ፎቶውን አይቶ ያሞግሳል።

ስለዚህ አስተያየት ስትመዘግቡ ሰውየው የገዛበትን ቀን ጨምሩ። "ያምራል" ማለትና "ከሰል ቆጠበልኝ" ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን ማንም አይቶ ይናገራል። ሁለተኛውን ግን አንድ ማዳበሪያ ከሰል ያልጨረሰ ሰው ሊያውቀው አይችልም።

ወቀሳውም እንዲሁ ነው። አዲስ ሸክላ እርጥበቱ እስኪወጣ ቶሎ አይግልም፤ "አይሞቅም" የሚለው ስሞታ በቀናት ውስጥ ይረግባል። "ተሰነጠቀ" የሚለው ግን ሸክላው ደጋግሞ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚመጣ ነው። ጥቂት ሰው ቢለውም በደንብ እንየው።

ዋናው ነገር ያንኑ ሰው መልሶ መጠየቅ ነው። አባይ ማዶ ያሉ አንዲት ደንበኛ መጀመሪያ ምድጃውን አመስግነው አልጠገቡም ነበር። ከሰላቸው ሲያልቅ ግን "መቆጠቡስ ቆጥቧል፣ የአመድ መውጫው በር ግን አልገጥም ብሎ አስቸገረኝ" አሉ። እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልገው።

ስልክ የማያነሱትን አትዝለሏቸው። ምድጃውን መጠቀም የተዉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ዝም ነው የሚሉት፤ እነሱ ከጎደሉ የቀረው ሁሉ ምስጋና ይመስላል። ሽምብጥ ሰፈር ያላችሁ በእግራችሁ ቤታቸው ሄዳችሁ እዩ። ምድጃው ውስጥ የዛሬ አመድ አለ ወይስ ጥግ ተቀምጧል? ያያችሁትን ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ትእዛዝ ከመስጠታችን በፊት አድርሱልኝ።