ስማቸው ያልተጻፈ ፎቶግራፎችን ይዤ ወደ እርስዎ

ይድረስ ለተወደዱ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ። በበጎ ፈቃድ በማገለግልበት ሙዚየም አንድ የካርቶን ሣጥን ስንከፍት፣ በጀርባቸው አንድም ቃል ያልተጻፈባቸው 23 ፎቶግራፎች አገኘን። ከበስተ ጀርባ በሚታየው ድልድይ የመንደራችን መሆናቸውን ስላወቅሁ፣ እርስዎና እኩዮችዎ የሰዎቹን ስም እንድትነግሩን ለመለመን ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

የላክሁልዎ በትልቁ የታተሙ ቅጂዎች ናቸው፤ ዋናዎቹ ከሙዚየሙ አይወጡም። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ደርቤ የሰዎቹን ቅርጽ በእርሳስ ካወጣሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ሰጥቻለሁ። ስለዚህ እባክዎ «ከግራ ሦስተኛው» በማለት ፈንታ ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልኝ። አንዱ በራሱ ግራ፣ ሌላው በተነሺው ሰው ግራ ስለሚቆጥር፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ስሞች ከባለቤታቸው ሲለያዩ አይቻለሁ። በዚያ ላይ አንደኛው ፎቶግራፍ ፊልሙ ተገልብጦ የታተመ ነው፤ ይህን ያወቅነው በግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ኋላ የሚነበብ በመሆኑ ነው። እርስዎ ጋ የደረሰው ቅጂ ተስተካክሏል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልዎ ሽማግሌዎቹን በመጀመሪያ አንድ ላይ እንዳይሰበስቧቸው ነው። ባለፈው ዓመት በሌላ መንደር የደረሰብንን ልንገርዎ። ሰባት ሰዎች የቆሙበትን ፎቶግራፍ ለሦስት ሽማግሌዎች በአንድነት አሳየናቸው። በዕድሜ የሚበልጡት ገና እንዳዩት መካከል ላይ የቆመውን ሰው በስሙ ጠሩት፤ ሁለቱም «አዎን፣ እሱ ነው» አሉ፤ እኛም ሦስት ምስክር አገኘን ብለን መዘገብን። ከወራት በኋላ የሰውየው ሴት ልጅ ፎቶግራፉን አይታ፣ አባቷ ከኋላቸው የሚታየው ትምህርት ቤት ከመሠራቱ ከሁለት ዓመት በፊት እንደ ሞተ ነገረችን። ተመልሰን ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ ስንጠይቅ፣ አንደኛው ዓይናቸው ደክሞ ፊቱን እንዳልለዩና ታላቃቸውን ማስተባበል ነውር መስሎ እንደታያቸው ነገሩን። ሌላኛው ግን ገና ከመጀመሪያው ልጁ ሳይሆን አይቀርም ብለው አስበው ነበር። በእርግጥም ቁርጥ አባቱን የሆነው የመጀመሪያ ልጁ ነበር። በቤተሰብ ውስጥ ያለ መመሳሰል ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስት ነገር ስለሆነ፣ ስም ከተነገረ በኋላ ያ ሰው በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ቤት ወይም ድልድይ ሲሠራ ስንት ዓመቱ እንደነበር መጠየቅ ግድ ይላል።

እንግዲህ እያንዳንዳቸውን ለብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ማጉያ መነጽሩን ሰጥተው ያነጋግሯቸው። «ይህ እገሌ አይደለም ወይ?» አይበሉ፤ «ይህን ሰው ያውቁታል?» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም ይታገሡ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ቦታውን ወይም የአቋቋሙን ሁኔታ ነው፣ ስሙ ኋላ ይመጣል። የተናገሩትን እንዳለ ጽፈው፣ ማን እንደ ተናገረ፣ ሰውየውን በዓይናቸው አይተውት ያውቁ ወይስ ከሌላ ሰምተው እንደሆነ ከጎኑ ያስፍሩልኝ። «ይመስለኛል» ያሉትን «ነው» አድርገው አይጻፉት። ሁሉም ለየብቻ ከተናገሩ በኋላ አንድ ላይ ተቀምጠው ቢከራከሩበት ግን መልካም ነው፤ ክርክሩ የተረሳ ነገር ያስታውሳል።

በ9ኛው ፎቶግራፍ ላይ ሕፃን ያቀፈች ሴት አለች፤ ሕፃኑ ስለተንቀሳቀሰ ፊቱ ደብዝዟል፣ የእሷ ፊት ግን ጥርት ብሎ ይታያል። እንደ እሷ ያሉ ሴቶች በየመዝገቡ «የእገሌ ሚስት» ተብለው ብቻ ስለሚቀሩ፣ የራሷን ስምና የአባቷን ስም እንዲጠይቁልኝ እለምንዎታለሁ። የዘመዱ ፎቶግራፍ ለሕዝብ እንዲታይ የማይፈልግ ቤተሰብ ካለም ያንኑ ይጻፉልኝ፤ ስሙ በመዝገባችን ይቀመጣል እንጂ ፎቶግራፉ በአዳራሹ አይሰቀልም።

በቤት ያሉ የራስዎ ፎቶግራፎች ጀርባ ላይ ግን እባክዎ በእስክሪብቶ አይጻፉ፤ ጫናው በፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል፣ ቀለሙም እያደር ዘልቆ ይታያል። ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፣ እሱም በጠርዙ በኩል፣ ሳይጫኑ።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ አያቴ ትሆን ብዬ እጠረጥራለሁ። የትኛው ፎቶግራፍ ላይ እንዳለች ግን አልነግርዎትም፤ ከነገርሁዎ እርስዎም እሷን መፈለግ ይጀምራሉና። መልስዎን እስኪልኩልኝ ድረስ ቁጥሯን በታሸገ ፖስታ አስቀምጫለሁ።

አክባሪ ልጅዎ