አስሩ ቀን ለየትኛው ውሻ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ወር ውሻችንን ቡቺን ጣና ዳር፣ ዓሣ ከሚራገፍበት አካባቢ፣ ለሃጩን የሚያዝረከርክ ባለቤት አልባ ውሻ ነከሰው። ጎረቤቶቼ «አስር ቀን እሰረው፣ ካልታመመ ከእብድ ውሻ በሽታ ነፃ ነው» አሉኝ። እኔም አምኜ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ግን አስሩ ቀን ሰው ለነከሰ ውሻ ነው አለኝ። ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የሚገባው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ ከነከሰ በኋላ አስር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ ሲነክስ አላስተላለፈም። በተነከሰ ውሻ ላይ ግን በሽታው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል።

ቀጥሎ የክትባት ካርዱን ጠየቀ። «ተከትቧል» ማለቴ አልበቃውም። ቀኑን፣ የክትባቱን መለያ ቁጥርና ማህተሙን አየ። ደግነቱ ጊዜው አላለፈም። ወዲያው ድጋሚ ከተበውና 45 ቀን ከግቢ እንዳይወጣ አዘዘ። ካርድ ባይኖረኝ ለወራት ለብቻው መታሰር ነበረበት።

«ቁስሉን በባዶ እጄ አጥቤዋለሁ፣ እኔስ?» አልኩት። እጄን አገላብጦ አየ። ጣቴ ላይ የዓሣ እሾህ የጫረኝ ነበር። «በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጠብና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ» አለኝ። ይህን ማንም ጎረቤት አልነገረኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር