የግብርና ክበብ ዘንድሮ፦ ካሬው፣ ወለላ እና የፋጉሎው ጣሳ

ክበባችን ዘንድሮ 23 አባላት ነበሩት። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንገናኛለን። የጎመኑ መደብ ታሪክ አጭር ነው፤ ታኅሣሥ ላይ የጎረቤት ፍየል ገብታ ጨረሰችው። የፓፓያ ችግኞቹ ደህና ናቸው። የዓመቱን ግማሽ የወሰደችብን ግን አንዲት ላም ናት።

ወለላ ትባላለች። የአንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን እናት ላም ናት። አዳማ ዳር፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለች በረት ትኖራለች። ክልስ ናት፤ በቀን 10 ሊትር ገደማ ትታለባለች። እናትየው ከጤፍ ጭዱ ሌላ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እኩል በእኩል እየቀላቀሉ ይሰጧታል። "መምህር፣ ፋጉሎው ኪሴን አራቆተው። ልቀንስ ብል ደግሞ ወተቱ ይወርድብኛል ብዬ እፈራለሁ" አሉኝ። የክበቡ ጥያቄ ከዚህ ተነሳ። ለወለላ የሚበቃት ስንት ነው?

ክብደቷን ሳናውቅ የትም አንደርስም። ሚዛን የለንም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አለን። ደረቷን ከፊት እግሮቿ ኋላ ዙሪያውን ስንለካ 170 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቷ ደግሞ 150። ዙሪያውን በራሱ አባዝቶ፣ በርዝመቱ አባዝቶ፣ ለ10,840 ማካፈል ነው። 400 ኪሎ ወጣ። ግምት ነው፤ ላሟ ቆማ ካልተረጋጋች ሜትሩ ይዋሻል። ሜትሩን የያዘው ልጅ ጅራቷን ሁለቴ በፊቱ ቀምሷል።

ከዚያ የወተት ላም በቀን ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ወደሚያሳይ ሠንጠረዥ ሄድን። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣውን ተጠቀምን። አሮጌ ነው፣ ለተማሪ ግን ግልጽ ነው። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም ምንም ባትታለብ እንኳ ለራሷ ኑሮ በቀን 318 ግራም ፕሮቲን ትፈልጋለች። 4 በመቶ ቅባት ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ወተት ደግሞ 90 ግራም ይጨመራል። ሊትሩን እንደ ኪሎ ቆጠርነው። ለ10 ኪሎ 900 ግራም፣ በድምሩ 1,218 ግራም። ወለላ በቀን 11 ኪሎ ደረቅ ቁስ ትበላለች ብለን ያዝን። ደረቅ ቁስ ማለት የመኖው ውሃ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። 1,218 ግራም ከ11 ኪሎ 11 በመቶ ገደማ ነው።

የሳትነው እዚህ ጋ ነው። ሁለት መኖ በምን ያህል መጠን እንደሚቀላቀል ያሰላነው በፒርሰን ካሬ ነው። ካሬው ቀላል ነው። የምትፈልገውን የፕሮቲን መጠን መሃል ትጽፋለህ። በግራ በኩል የሁለቱን መኖዎች ፕሮቲን ከላይና ከታች ታስቀምጣለህ። በሰያፍ ትቀንሳለህ፣ በቀኝ የሚወጣው የእያንዳንዱ ድርሻ ነው። ልጆቹ መሃል 11 ጻፉ። ከላይ ፉርሽካ 16፣ ከታች ፋጉሎ 32። ከ32 ላይ 11 ሲቀነስ 21፤ ይህ የፉርሽካ ድርሻ ነው። ከ16 ላይ 11 ሲቀነስ 5፤ ይህ የፋጉሎ። በመቶ ሲቀየር ፉርሽካ 81፣ ፋጉሎ 19። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔም አላየሁትም፣ እውነቱን ልናገር።

ያየችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። "ቲቸር፣ መልሼ ሳባዛው 11 አይመጣም" አለች። 81 በመቶው ፉርሽካ 13 ገደማ ይሰጣል፣ 19 በመቶው ፋጉሎ 6 ገደማ። ድምሩ 19 ነው። እንዴት ይሆናል? ሁለቱም መኖዎች ከ11 በላይ ናቸው! 16 እና 32 ያለውን ነገር እንዴት አድርገህ ብትቀላቅለው 11 አይሆንም። ካሬው የሚሠራው አንዱ ከሚፈለገው በታች፣ ሌላው በላይ ሲሆን ብቻ ነው። አለበለዚያ አንዱ ቅናሽ ኔጌቲቭ ይወጣል። ልጆቹ ምልክቱን ጣሉት፣ ካሬውም ዝም ብሎ መልስ ሰጣቸው።

መሃል መግባት የነበረበት የጠቅላላው መኖ ፕሮቲን አይደለም። ወለላ ጭድ ትበላለች። 6 ኪሎ ደረቅ ጭድ በ5 በመቶ ሂሳብ 300 ግራም ይሰጣል። ከ1,218 ሲቀነስ 918 ግራም ይቀራል። ይህን መሸፈን ያለበት የቀረው 5 ኪሎ ድብልቅ ነው፤ ስለዚህ ድብልቁ 18.4 በመቶ መሆን አለበት። አሁን ከ16 እና ከ32 መሃል ገባ። ከ32 ላይ 18.4 ሲቀነስ 13.6 ፉርሽካ፤ ከ18.4 ላይ 16 ሲቀነስ 2.4 ፋጉሎ። 85 እና 15 በመቶ። በደረቅ ቁስ 4.25 ኪሎ ፉርሽካና 0.75 ኪሎ ፋጉሎ ማለት ነው። ሁለቱም 90 በመቶ ያህል ደረቅ ስለሆኑ ከጆንያው የሚሰፈረው ለ0.9 ተካፍሎ 4.7 ኪሎና 830 ግራም ይሆናል።

"ታዲያ ስህተቱም 81 ለ19 ነበር፣ ምን ለየው?" ያለ ልጅ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዕድል ነው ያቀራረበው። ወተቷ ወደ 6 ሊትር ሲወርድ ምን እንደሚሆን በሁለቱም መንገድ እንሥራው አልን። በቀን 10 ኪሎ ደረቅ ቁስ ትበላለች ብንል፣ የሚያስፈልጋት ፕሮቲን 858 ግራም ነው፣ 8.6 በመቶ። በተሳሳተው መንገድ የፋጉሎው ድርሻ ወደ 24 በመቶ ወጣ። ወተቱ ሲቀንስ ውድ መኖ ይጨመር ማለት ነው! በትክክለኛው፣ 7 ኪሎ ጭድና 3 ኪሎ ድብልቅ ይዘን፣ ፋጉሎው 6 በመቶ ብቻ ሆነ።

ካሬው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለ ጉልበት ስለማያውቅ እሱን ለብቻው ደመርን። ሠንጠረዡ ጉልበትን የሚለካው በተፈጪ ንጥረ ነገር፣ ማለትም ላሟ ፈጭታ በምትጠቀምበት የመኖ ክፍል ነው፤ ለራሷ ኑሮና ለ10 ሊትር ወተት 6.35 ኪሎ ይላል። ከጭዱ 3፣ ከድብልቁ 3.5 ኪሎ ገደማ አገኘን። ለጥቂት አለፈ። ካልሲየሙ ግን አልሞላም፤ ፉርሽካ ፎስፎረስ እንጂ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። በቀን 50 ግራም ያህል የተፈጨ የኖራ ድንጋይና ትንሽ ጨው ጨመርን። ለግድግዳ የሚለቀለቀውን ኖራ አይደለም፣ እሱ አፏን ያቃጥላታል።

ሌላው የሚያሳስበኝ 32 የሚለው ቁጥር ነው። የሠንጠረዥ አማካይ እንጂ የእኛ ጆንያ አይደለም። ፋጉሎው 28 በመቶ ቢሆን ኖሮ ካሬው 0.75 ሳይሆን 1 ኪሎ ይል ነበር። ስለዚህ ወተቱን በየቀኑ እየለካን መጠበቅ ነበረብን።

መኖውን በአንድ ጊዜ አልቀየርነውም፤ 10 ቀን ፈጀ። እናትየው በየጠዋቱና በየማታው ወተቱን ለኩ፣ ልጅቷ ደብተር ላይ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ከ9.5 አልወረደም፣ ከ10.5 አልዘለለም። ወተት አልጨመርንም። እኩል በእኩል ሲሰጥ የነበረው ፋጉሎ ግን በደረቅ ቁስ 2.5 ኪሎ ነበር፤ አሁን ከሲሶው በታች ነው።

የቀረው የስፍር ጉዳይ ነበር። እናትየው በጣሳ ነው የሚሰፍሩት፤ ፉርሽካ ቀላል፣ ፋጉሎ ከባድ ስለሆነ አንድ ጣሳ እኩል አይመዝንም። የወጥ ቤት ሚዛን አምጥተን 830 ግራም ፋጉሎ ጣሳው ውስጥ ጨመርንና የደረሰበትን በሚስማር ጫርን። ከሥሩ ደግሞ የ6 ሊትሯን መስመር፣ 200 ግራሟን። እናትየው ታችኛዋን መስመር አይተው "ይቺ ምንድን ናት? የድመት ናት?" አሉ። ልጅቷ ከሰል አነሳችና የፉርሽካው ጆንያ ላይ ካሬውን ሳለችላቸው።