መቅደላ ማሻ አልሆነችም፤ ሠንጠረዣችሁ ይታረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

«ስማቸውን የቀየሩ ከተሞች» በሚል ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ወሎ ውስጥ ያላየው ሰው ጥቂት ነው። ናዝሬት እንዴት አዳማ እንደተባለች፣ ደብረ ዘይት እንዴት ወደ ቢሾፍቱ እንደተመለሰች፣ መንቆረር እንዴት ደብረ ማርቆስ እንደሆነች በየተራ ተተርኳል። ወሎ ግን ከሠንጠረዡ ግርጌ አንዲት መስመር ነው የደረሳት፤ እሷም ስህተት ናት። «የቀድሞ ስም፦ መቅደላ፤ የአሁን ስም፦ ማሻ» ይላል። ከጎኑ ባለው ካርታ ደግሞ ማሻ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀምጦ «ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉባት ከተማ» ተብሎ ተጽፏል። «ወሎ ገራገሩ» ሲባል ሰምታችሁ ዝም ይላሉ ብላችሁ ከሆነ፣ በዚህ በኩል ገራገርነታችን ገደብ አለው።

ማሻ የመቅደላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በዚህ ጠብ የለንም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን የጠጡባት አምባ ግን መቅደላ ወረዳ ውስጥ አይደለችም። ያለችው ተንታ ወረዳ ውስጥ ነው፤ መንደሯም ዛሬ አምባ ማርያም ትባላለች። ወረዳው የአምባዋን ስም ያዘ፣ አምባዋ ግን ከወሰኑ ውጭ ቀረች። ይህ እንግዳ ቢመስልም በአገራችን የወረዳ አከላለል ውስጥ ብርቅ ነገር አይደለም። በዚህ ላይ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ካምፓሶቹ ደግሞ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ናቸው። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ባልደረባችሁ ዩኒቨርሲቲውን አለማየቱ በጀን። አይቶት ቢሆን ኖሮ መቅደላ ወደ ቱሉ አውሊያ ተቀየረች ይለን ነበር።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። የወረዳዎች ዝርዝር ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ የወረዳው ስም፣ በሌላው ዋና ከተማው። «መቅደላ» እና «ማሻ» ጎን ለጎን የሚገኙት እዚያ ነው። ዘጋቢው ይህን «የድሮ» እና «አዲስ» ብሎ አነበበው። በዚያው አነባበብ ቢቀጥል ኖሮ ተንታ ወረዳ አጅባር ወደምትባል ከተማ ተለውጦ ነበር፤ አጅባር የተንታ ወረዳ ዋና ከተማ ናትና።

ነገሩ የአንድ ዘጋቢ ቸልተኝነት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የስም ለውጥ ሲዘገብ ሁልጊዜ የሚዘለል አንድ ጥያቄ አለ፦ የተቀየረው የማን ስም ነው? «መቅደላ» የሚለው ስም በአሁኑ ጊዜ ቢያንስ አራት ባለቤት አለው። አንዱ ተራራው ነው፤ እሱ ትናንትም መቅደላ፣ ዛሬም መቅደላ ነው። ሁለተኛው መንደሩ ነው፤ የተቀየረው የእሱ ስም ብቻ ሲሆን አምባ ማርያም ተብሏል። ሦስተኛው ወረዳው፣ አራተኛው ዩኒቨርሲቲው ናቸው፤ እነዚህ ስሙን የወረሱ እንጂ የቀየሩ አይደሉም። «መቅደላ ስሟ ተቀየረ» ብሎ በደፈናው የሚጽፍ ሰው ከአራቱ የትኛውን እንደሚናገር ራሱም አያውቅም።

ዘገባው ለእያንዳንዱ ከተማ «የተቀየረበት ዓመት» የሚል ዓምድ ማስቀመጡም የራሱ ችግር አለው። አዳማና ቢሾፍቱ ስማቸው የተመለሰው በመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ቀን ሊጻፍለት ይችላል። የወሎዎቹ ግን በአዋጅ የተቀየሩ አይደሉም፤ አንዱ ስም በሌላው ላይ እየተነባበረ የመጣ ነው። ሮሃ ላሊበላ የተባለችው በንጉሡ ስም ነው፤ ሆኖም የድሮው ስም በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍም፣ በሆቴል ግንባር ላይም ዛሬ ድረስ አለ። ለእንዲህ ያለው ለውጥ ትክክለኛው አጻጻፍ ዓመቱን ባዶ ትቶ «ሁለቱም ይሠራበታል» ማለት ነው። እናንተ ግን ባዶ ቦታ ስለማትወዱ ለመቅደላም ዓመት ፈልጋችሁ አገኛችሁላት። ከየት እንዳመጣችሁት ብትነግሩን ደስ ይለን ነበር።

አሁን ወደ ካርታው። የድሮ ስም በካርታ ላይ የሚቆየው ካርታ ሠሪ ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። ጀኔራል ናፒየር ከዘመቻው በኋላ «የመቅደላ ሎርድ ናፒየር» ተብሎ ማዕረግ ተሰጠው፤ የተዘረፉት ቅርሶችና የብራና መጻሕፍትም በእንግሊዝ መዛግብት በዚያው ስም ተመዘገቡ። ስለዚህ ስለ ቅርሶቹ የሚያጠና ተማሪ በለንደን ቤተ መዘክሮች መፈለጊያ ላይ Amba Mariam ብሎ ቢጽፍ የሚፈልገውን ማግኘቱ ያጠራጥራል፤ Magdala ወይም Maqdala ብሎ መጻፍ አለበት። Makdala እና Mekdela የሚሉትንም መሞከር አይከፋም፤ የ«ቀ» ድምፃችን በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ ኖሮት አያውቅም። እዚህ ላይ የድሮው ስም ጊዜው ያለፈበት ስም ሳይሆን የመዝገቡ ቁልፍ ነው። ዘገባችሁ «የቀድሞው ስም ከመዝገብ ጠፍቷል» ሲል እንግዲህ የትኛውን መዝገብ ከፍቶ አይቶ ይሆን?

ሁለት ስሞች የአንድ ቦታ ይሁኑ ወይም የሁለት ለማጣራት ስሙን ትቶ ቦታውን ማየት ነው። አምባ ማርያም በግምት 11 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ሰሜን፣ 39 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። ደሴ 39 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ላይ ስለሆነች በመካከላቸው ያለው 21 ደቂቃ በእኛ ኬክሮስ ወደ 38 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በቀጥታ መስመር ማለቴ ነው፣ በመኪና መንገድማ ሌላ ነው። በዘመቻው ጊዜ የተነሡ የእንግሊዝ ካርታዎችን የሚያይ ሰው ደግሞ ከMagdala አጠገብ Fahla እና Selassie የሚሉ ከፍታዎችን፣ በስተሰሜን በሽሎ ወንዝን ያገኛል። እነዚህ ጎረቤቶች ካሉ አምባዋ እሷ ናት። ከሌሉ ነጥቡ ሌላ ቦታ ላይ ወድቋል፤ የእናንተ ቀይ ነጥብ አጠገብ ከሦስቱ አንዱም የለም።

በዲጂታል ካርታ ላይ ማስተካከሉ ቀላል ነው። ኦፕንስትሪትማፕን በመሰለ ሁሉም ሰው በሚያርመው ካርታ ላይ መንደሩና ተራራው ሁለት የተለያዩ ነጥቦች መሆን አለባቸው። የመንደሩ ነጥብ እንዲህ ይጻፋል፦

```
place=village
name=አምባ ማርያም
name:en=Amba Mariam
old_name=መቅደላ
old_name:en=Magdala
```

የተራራው ነጥብ ደግሞ `name=መቅደላ` ብሎ ይቆያል፤ `old_name` አያስፈልገውም፣ ስሙ አልተቀየረምና። ብዙ ሰው የሚሳሳተው `name` ላይ «አምባ ማርያም (መቅደላ)» ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ በመጻፍ ነው። ለዓይን ደህና ይመስላል። አንዳንድ መፈለጊያ ግን ቅንፉን ጨምሮ ሁሉንም እንደ አንድ ስም ሊቆጥረው ይችላል፤ ያን ዝርዝር ከሌላ ዝርዝር ጋር በስም የሚያዛምድ ሰውም መንደሯን አያገኛትም። ሕዝቡ ሁለቱንም ስም ለመንደሩ እኩል የሚጠቀም ከሆነ ከ`old_name` ይልቅ `alt_name` ይሻላል። ይህን የሚወስነው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ሆኖ ሠንጠረዥ የሚሞላ ሰው አይደለም።

በስም ብቻ ማዛመድ ምን እንደሚያስከትል ከላሊበላ ይታያል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ላሊበላ የተቆጠረችው በቡግና ወረዳ ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ ላስታ ከቡግና ተነጥሎ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆነ፤ የ1999ኙ ቆጠራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱን ቆጠራዎች ይዞ «ቡግና» የሚለውን መስመር ከ«ቡግና» ጋር የሚያስተያይ ሰው የሕዝቡ ቁጥር ክፉኛ የወረደ ይመስለዋል። የሞተ የለም፤ የተሰደደም የለም፤ ስሙ ሳይለወጥ ወሰኑ ነው የተለወጠው። ከስም ለውጥ ይልቅ አደገኛው ይሄ ነው፤ ስሙ ያው ስለሆነ ማንም አይጠረጥርማ። መፍትሔው የየወረዳውን መለያ ኮድ መያዝና ወረዳ በተከፈለ ጊዜ ሁለቱን ልጆች ደምሮ ከእናትየው ጋር ማነጻጸር ነው።

ዘገባው ለባለጉዳዮች የሰጠውን ምክር ግን በቸልታ ማለፍ አይቻልም። «የቆዩ ሰነዶች ላይ ያሉ ስሞች በአዲሱ ስም እየታረሙ ሊጻፉ ይገባል» ብላችኋል። እባካችሁ ማንም ሰው ይህን ምክር እንዳይከተል። በ1972 ዓ.ም. የተጻፈ ሰነድ «ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ወረሂመኖ አውራጃ» የሚል ከሆነ ሲገለበጥም ሲተረጎምም እንደተጻፈው ነው የሚሄደው። «ደቡብ ወሎ ዞን» ብሎ ያዘመነው ተርጓሚ በ1972 ያልነበረ ዞን ፈጠረ ማለት ነው፤ ሰነዱ የሚቀርብበት ኤምባሲም ይህን ሲያይ ሰነዱን ሐሰተኛ ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የአሁኑ ስም ካስፈለገ በግርጌ «የአሁን አድራሻው ይህ ነው» ተብሎ በተርጓሚው ስም ይጨመራል፤ ዋናው ጽሑፍ አይነካም። የላቲን አጻጻፉም በባለጉዳዩ ፓስፖርት ላይ ያለውን ይከተላል፤ Wollo እና Welo ሁለት ቦታ የሚመስለው የመስኮት ሠራተኛ ዓለም ላይ ሞልቷልና።

ወደ ወሎ በአየር የመጣ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር በነካ እጄ ልጨምር። ኮምቦልቻ የሚያርፈው ተሳፋሪ ትኬቱ ላይ የሚነበበው DSE ነው፤ በደሴ ስም ማለት ነው። በእናንተ ሠንጠረዥ ስሌት ኮምቦልቻ ደሴ ተብላለች፤ የኮምቦልቻ ሰዎች ገና አልሰሙም እንጂ።

የምንጠይቀው እርማት አጭር ነው፤ ለማሳጠር እንዲያመቻችሁ እኔው ጽፌዋለሁ። «በሠንጠረዡ ላይ መቅደላ ወደ ማሻ ተቀይራለች የተባለው ስህተት ነው። በተንታ ወረዳ የሚገኘው የመቅደላ መንደር አምባ ማርያም ይባላል፤ ተራራው መቅደላ እንደተባለ ነው። ማሻ የመቅደላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በካርታው ላይ ያለው ነጥብ ወደ አምባ ማርያም ይዛወራል፤ የተቀየረበት ዓመት የሚለው ይሰረዛል።» ድረ ገጹ ላይ ያለው ካርታም አብሮ ይታረም፤ ተማሪዎች እየገለበጡ የሚወስዱት እሱን ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የካርታ ባለሙያ፣ ከደሴ