የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ የጸደቀውን መቁጠር

ክበባችን የ2017 የትምህርት ዘመን ሥራውን የጀመረው ከክረምቱ ተከላ በፊት፣ ዕቅድ በማውጣት ነበር። አባላቱ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «የትምህርት ቤታችንን ግቢ አረንጓዴ ማድረግ» የሚል ዓላማ ጻፉ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም የትኛው የግቢ ክፍል እንደሆነ፣ ምን ሲሟላ «አረንጓዴ ሆነ» እንደሚባልና እስከ መቼ እንደሚፈጸም አይናገርም።

ሁለተኛው ረቂቅ «300 ችግኝ መትከል» አለ። ቁጥር ስለገባበት ብዙዎቹ ዓላማው የተስተካከለ መሰላቸው። እኔ ግን አብዝቼ የምጠነቀቀው እንዲህ ካለው ነው። መትከል ተግባር እንጂ ውጤት አይደለም፤ ችግኞቹ በጥር ቢደርቁ እንኳ ዓላማው ተሳክቷል ይባላል። ስለዚህ የጸደቁትን ልንቆጥር ተስማማን። ቆጣሪዎቹ እንዳይለያዩም ግንዱ በጥፍር ሲጫር ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ የሚታይበት ችግኝ ጸድቋል አልን።

ሊደረስበት የሚችል መሆኑን የፈተንነው በጀሪካን ነው። በበጋ ለአንድ ችግኝ በአንድ ጊዜ 5 ሊትር ብንመድብ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ችግኝ ያጠጣል። ለ300 ችግኝ በየዙሩ 75 ጀሪካን ያስፈልጋል፤ አባላቱ ደግሞ 30 ናቸው። ጎንደር ላይ በበጋ ውሃ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ሰው ይህን አይመኝም። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ጀሪካን ሲደርሰው 120 ችግኝ ይሆናል፤ እዚያ ላይ ቆምን። በበሩ አጠገብ አበባ ይተከል የሚለው ሐሳብም የቀረው ከተነሣንበት ችግር ጋር ስላልተገናኘ ነው። ችግራችን በክረምት ጎርፍ አፈሩን የሚያጥበው ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ያለው ተዳፋት ነበር።

በቀኑ ላይ ረጅም ክርክር ተደረገ። አንዳንዶቹ በኅዳር ይቆጠር አሉ። በኅዳር ግን አፈሩ የክረምቱን እርጥበት ገና ስለሚይዝ ደካማው ችግኝ ሁሉ ደህና ይመስላል። ፈተናው በጋው በመሆኑ የሚያዝያን መጨረሻ መረጥን። የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«በ2016 ሐምሌ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ ከሚተከሉት 120 የወይራና የጽድ ችግኞች ቢያንስ 90 የሚሆኑት እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ጸድቀው እንዲገኙ ማድረግ።»

እያንዳንዱ ችግኝ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ሰፈረ። ቆጠራውንም ያጠጡት ሳይሆኑ ሌሎች አባላት አካሄዱት። የጸደቁት 84 ሆኑ፤ ከግቡ በስድስት አነሱ። መዝገቡን ስንመለከት ከጠፉት 36 ችግኞች 22ቱ ፍየል በምትገባበት በተሰበረው አጥር ዳር የነበሩ ናቸው። ውሃ በሚገባ ደርሷቸው ነበር። ስለዚህ በአዲሱ ዕቅድ የጀሪካኑ ድልድል እንዳለ ይቀጥላል፤ አጥሩም ከተከላው በፊት እስከ ሰኔ 20 ተጠግኖ ያልቃል።